ቴፑ እኔ ነበርኩ

ጠጋ በሉ። በሩንም ገርበብ አድርጉት።

ከሰቆጣ ነው የማወራችሁ። ቀን ቀን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ሄደው አይኤልትስ ሊፈተኑ የተነሱ ነርሶች፣ መምህራንና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ቤቴ ይመጣሉ። ጓዳውን አውቀዋለሁ ማለቴ ነው። ስለዚህ ከጓዳው እንጀምር።

በእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፋችን በየምዕራፉ የማዳመጥ ትምህርት አለ። ጥያቄው በተማሪው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። የሚደመጠው ጽሑፍስ? እሱ ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው። ካሴት? ኧረ የምን ካሴት! ቴፑ እኔ ነኝ። ቆሜ አነባለሁ፣ ልጆቹ ይሰማሉ። አንድ ልጅ ግንባሩን ከቋጠረ እደግመዋለሁ። ሁለት ልጆች ከቋጠሩ በአማርኛ ጣል አደርግበታለሁ። ከኋላ የተቀመጠው ካልገባው ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መልሱን በዓይኔ እነግረዋለሁ።

ሌላም አለ፤ ከእኔ ሰማን እንዳትሉ ብቻ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛው ላይ የማዳመጥ ጥያቄ የለም። ምንባብ አለ፣ ሰዋስው አለ፣ የቃላት ፍቺ አለ። ማዳመጥ የለም። እና ፈተናው ሲቃረብ ያ የማዳመጥ ትምህርት ምን የሚሆን ይመስላችኋል? አዎ። ገጹ ይገለበጣል።

ውጤቱን እኔ ማታ ማታ አየዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ በእንግሊዝኛ ሪፖርት እየጻፈ የሚያድር ሰው ፊቴ ይቀመጥና ቅጂውን ስከፍትለት ዓይኑ ይፈጣል። ቃላቱን አያውቃቸውም እንዳትሉ። ያውቃቸዋል። የሚያውቃቸው ግን በእኔ ድምፅ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለእያንዳንዷ ፊደል ድርሻዋን እንሰጣለን፤ አንዷንም አናስቀይምም። እኔ ክፍል ውስጥ «ኮም-ፈር-ተ-ብል» ስል አራቱም ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። እንግሊዙ ግን «ከምፍተብል» ብሎ ያልፈዋል። «ዌድ-ነስ-ደይ» ብዬ ያስተማርኩት ቀን እሱ አፍ ላይ «ዌንዝደይ» ነው። አንዷን ክፍለ ቃል ይጫናታል፣ ሌሎቹን ይውጣቸዋል። ተማሪዬ የተዋጠችውን ፍለጋ ሲዞር ሦስት ዓረፍተ ነገር አምልጦታል።

አይኤልትስ ደግሞ አይደግምም። አራት ክፍል፣ በየክፍሉ 10 ጥያቄ፣ በድምሩ 40፤ ድምፁ ወደ 30 ደቂቃ ይሄዳል፤ አንዴ ብቻ ይነገራል። አንደኛው ክፍል ሁለት ሰዎች ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ምዝገባ የሚያወሩበት ነው። ሁለተኛው አንድ ሰው ስለ አንድ ቦታ ወይም አገልግሎት የሚያስረዳበት ነው። ሦስተኛው የተማሪዎችና የመምህር ክርክር፣ አራተኛው ንግግር፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ሌክቸር ነው። አሁን ብዙ ሰው የማያስተውላትን ላሳያችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች መሐል ላይ ይቋረጣሉ፤ ቀጣዮቹን ጥያቄዎች የምታዩባት ትንፋሽ ትሰጣለች። አራተኛው ላይ ያቺ ትንፋሽ የለችም። ከባዱ ንግግር፣ የደከመው ጆሮ፣ ያለ እረፍት። ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

«ታዲያ ብዙ መስማት ነዋ!» አላችሁ አይደል? እኔም ብዬ ነበር። ልንገራችሁ፣ ሳቁብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራ እየጋገርኩ ቢቢሲን ከፍቼ ሰማሁ። ምጣዱ ይሰማል፣ እኔ እሰማለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዜናውን መግቢያ ሙዚቃ ከሩቅ ለየሁት። «ፕሬዝደንት» የሚለውን ቃል ያዝኩ። የአገሮቹን ስም ያዝኩ። ምን እንደሆኑ ግን አንድም ቀን አልያዝኩም። ምጣዱና እኔ እኩል ገፋን።

ሌላው ጫፍም አለ። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ሁለት ደቂቃ የምትሆን ቅጂ ይይዝና ቃል በቃል እየጻፈ አርባ ጊዜ ይደጋግማታል። ያቺን ሁለት ደቂቃ ከተናጋሪው እኩል ይናገራታል። ሙሉ የሙከራ ፈተና ሳስቀምጠው ግን በ15ኛው ደቂቃ እስክሪብቶውን አስቀመጠና መስኮት መስኮቱን ያይ ጀመር። «ምነው?» ስለው «ቲቸር፣ ጆሮዬ ሞላ» አለኝ። ደስ የሚል አነጋገር ነው። ደግሞም እውነቱን ነበር።

እኔ ቤት እነዚህ ሁለቱ ስም አላቸው። መጽሐፎቹ ጥልቅና ሰፊ ማዳመጥ ምናምን ይሏቸዋል። እኛ አንዱን ለቀማ፣ ሌላውን ጉዞ እንላቸዋለን። ለቀማ ምስር እንደመልቀም ነው፤ ትንሽ ሰፌድ ላይ አድርገህ፣ አጎንብሰህ፣ ጠጠሯን አንድ በአንድ ማውጣት። ጉዞ ደግሞ ጉዞ ነው፤ ወደኋላ አይታይም። ጠቡ የሚነሳው የቱ ይበልጣል ላይ ነው። ምስጢሩ ግን የትኛው እንደጎደለህ ማወቁ ላይ ነው። እሱን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

አንዲት ነርስ ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ከተማችን ትንሽ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ ልትሄድ 7 ተጠይቃለች። የመጀመሪያ ቀን ሙሉ ሙከራ አስቀመጥኳት። አንደኛው ክፍል 9፣ ሁለተኛው 7፣ ሦስተኛው 5፣ አራተኛው 2። ድምሩ 23፤ ይህ ወደ 6 ገደማ ነው፤ ለ7 ደግሞ 30 አካባቢ ይፈለጋል።

«ቲቸር፣ አራተኛው ከአቅሜ በላይ ነው» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሂጂ ተኚ» አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ቡና ሳይፈላ፣ ከሌላ ሙከራ አራተኛውን ክፍል ብቻ ከፈትኩላት። ተመሳሳይ ክብደት፣ ተመሳሳይ ዓይነት ንግግር። 6 አገኘች። ከ2 ወደ 6፤ በአንድ ሌሊት እንግሊዝኛ አይጨምርም መቼም! የጨመረችው ጆሮዋ ስላልደከመ ነው። ሦስተኛውንም እንዲሁ ለብቻው ሞከርነው። እሱ ግን እዚያው 5 ላይ ቆመ። ገባችሁ? አራተኛው ላይ የጎደላት ጉልበት ነው፤ መድኃኒቱ ጉዞ። ሦስተኛው ላይ የጎደላት ጆሮ ነው፤ መድኃኒቱ ለቀማ። አንድ ሰው፣ ሁለት በሽታ። ይሄን ምርመራ ሳያደርጉ «በቀን ሁለት ሰዓት ስሙ» የሚሉትን ሁሉ ፈገግ ብዬ ነው የማያቸው። አንዴ ብቻ መሞከር ያሳስታል፤ ርዕሱ የምታውቀው ከሆነ ነጥቡ ይነፋል። እኔ በሦስት የተለያዩ ጠዋቶች ነው የማደርገው።

ከዚያ የሚሰማውን መምረጥ መጣ። እዚህ ላይ ጣታችሁን አዘጋጁ።

መደበኛ ዜና አንባቢ በደቂቃ 150 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቃል ይናገራል። በቋንቋ ትምህርት ዙሪያ የሚያጠኑ ሰዎች ከ100 ቃል ከ95 እስከ 98 የሚሆነውን ስታውቅ ነው ነገሩ ሳያስጨንቅህ የሚገባህ ይላሉ። በደቂቃ ሲሰላ ከሦስት እስከ ሰባት ቃል ቢያመልጥህ ነው። እኛ ስሌቱን በጣት እንሠራዋለን። ቅጂውን አንድ ደቂቃ ክፈትና ባመለጠህ ቃል ቁጥር ጣትህን አጠፍ። እስከ ሦስት ጣት ከሆነ ለጉዞ ይሆናል። ከአራት እስከ ሰባት ከሆነ ለለቀማ። ሁለቱም እጅህ ጭብጥ ካለ ቅጂውን ተወው፤ እሱ ላይ የምታጠፋው ጊዜ ለምጣዱ ይቁጠርልህ።

ነርሷ የቢቢሲን «ግሎባል ኒውስ ፖድካስት» በኩራት ይዛ መጥታ ነበር። ጣቶቿ በ40 ሰከንድ አለቁ። ሰው ማፈር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ዲግሪ ያለው ሰው የቀለለ ነገር ስማ ሲባል እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። እኔ ግን የአሜሪካ ድምፅን የቀለለ እንግሊዝኛ ሰጠኋት። «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1959 የተጀመረው ነው፤ በ1,500 ገደማ ቃላት፣ ከመደበኛው ፍጥነት በሲሶ ያህል ቀንሶ የሚነበብ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራው ቢስተጓጎልም የድሮዎቹ ቅጂዎች በየሰው ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ይዞራሉ። እኔም ዘፈን ከሚጭነው ልጅ ሱቅ ነው ያስገለበጥኩት። ልጁ «እትዬ፣ ይሄ ምን ዓይነት ዘፈን ነው?» ብሎኛል።

አንድ ጉድ ግን አለው። ቀስ ያለው እንግሊዝኛ ይጥማል፤ ሰው እዚያው ይቀመጣል። የተዋጠችዋ ክፍለ ቃል እዚያ ውስጥ አልተዋጠችም፤ እንደ እኔ ድምፅ ነው፣ ቁልጭ ያለ። ስለዚህ ለጉልበት እንጂ ለጆሮ አይሆንም። ለነርሷ ሦስት ሳምንት ሰጥቼ ነጠቅኳት።

ለለቀማው የቢቢሲን «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ያዝን። ስሙ እንደሚለው ስድስት ደቂቃ ነው፤ ሁለት አቅራቢዎች እያወሩ ነው የሚያቀርቡት፣ ስለዚህ ለሦስተኛው ክፍል ይጠጋል። ጽሑፉ አብሮት አለ፤ ያለ ጽሑፍ ለቀማ የለም፣ ጠጠሩን ማን ያሳይሃል? መጀመሪያ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁና መልሱን መጨረሻ ላይ ይነግሩሃል። ፋይሉ በተለመደው ጥራት በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ስድስቱን ደቂቃ በስድስት ሜጋባይት ታወርዳለህ። ኔትወርክ ደህና በሆነበት ሌሊት አሥሩን አውርዶ ለወር መኖር ይቻላል። በእኛ አገር ኔትወርክ ተማምኖ በቀጥታ የሚሰማ ሰው ካለ ጎበዝ ነው።

ለቀማው እንዲህ ይሄዳል። ከስድስቱ ደቂቃ ሁለቷን ብቻ እንቆርጣለን። መጀመሪያ ሳናቆም አንዴ እንሰማለን፤ ምን ምን ነው የሚያወሩት? ከዚያ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያቆምን የሰማነውን ሁሉ እንጽፋለን። አንዱን ዓረፍተ ነገር ከሦስት ጊዜ በላይ አንሰማም። ያልተሰማው ቦታ ክፍት ይቀራል፤ በግምት መሙላት ክልክል ነው። ከዚያ ጽሑፉን እናወጣና በቀይ እናርማለን። ዋናው ነገር የሚመጣው አሁን ነው፤ እያንዳንዱ ቀይ ከሦስቱ የአንዱ ወገን ነው። ወይ ቃሉን ጭራሽ አታውቀውም። ወይ ስታየው «ውይ! ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» ትላለህ። ወይ ደግሞ ሰምተኸው ጭራውን ጥለሃል፤ የብዙ ቁጥር ምልክቷን፣ የኃላፊ ጊዜዋን።

ነርሷ በመጀመሪያው ሳምንት 31 ቀይ አወጣች። የማታውቃቸው ቃላት 6 ነበሩ። ጭራ የተጣለባቸው 6። የቀሩት 19ኙ «ውይ» ነበሩ። አስራ ዘጠኝ! እሷ ግን ከዚያ በፊት ሦስት ወር ሙሉ ምን ስታደርግ ነበር? የቃላት ዝርዝር ስትሸመድድ። የ6ቱን መድኃኒት ለ31ዱ ስትውጥ።

ከ19ኙ አንዷን ላሳያችሁ። አቅራቢው ንግግሩን ሲጀምር «ፈርስት ኦፍ ኦል» ይላል፤ መጀመሪያ ነገር እንደማለት። አፉ ላይ ግን ሦስቱ ቃላት ተጣብቀው «ፈርስተቮል» ይሆናሉ። ነርሷ ደብተሯ ላይ ምን ጻፈች? «ፌስቲቫል»። ከዚያ የቀረውን ደቂቃ ስለ ምን ክብረ በዓል እንደሚያወሩ ስትፈልግ ዋለች። ንግግሩ ስለ እንቅልፍ ነበር! ሁለታችንም እስኪያነባን ሳቅን። ያን ቀን «ፈርስተቮል»ን ሃያ ጊዜ ራሷ አለችው። አፍ ያለውን ጆሮ ይሰማዋል፤ ይሄ የለቀማ ሁለተኛ ግማሽ ነው። የተጣበቀውን በአፍህ ሳታጣብቀው መጨረሻ ላይ ጽሑፉን ደፍተህ ብትሰማው እንደገና ያመልጥሃል። ሁሉም ቃል ጽሑፉ ሳይታይ እስኪሰማ ለቀማው አላለቀም።

ለቀማ በቀን ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ለምን? ከዚያ በኋላ ቀዮቹን ተመልከቱ። «ዘ» እና «ኤ» የሚጣሉት፣ ቀላሉ ቃል የሚሳሳተው ከ20ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። ያ አለማወቅ አይደለም፤ ጆሮው ደክሞ ነው። የስልኩ ማጫወቻ ላይ ፍጥነት መቀነሻም አለ፤ ብዙዎች እሱን ከፍተው ይለቅማሉ። እኔ ለመጨረሻዋ፣ ለሦስተኛዋ ማድመጥ ብቻ ነው የምፈቅደው። የተጣበቀ ድምፅ ቢጎተት የተጎተተ ጥብቅ ነው የሚሆነው፤ አይላቀቅም።

አሁን ወደ ጉዞው። እዚህ ላይ አንዲት አሮጊት ላስተዋውቃችሁ፤ አያቴን። ኽምጣና እንጂ አማርኛ አልተማረችም። ግን ሬዲዮ ነበራት። የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ክፍል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛም በ1982። ማታ ማታ ድንጋይ ባትሪዋን ፀሐይ ላይ አሙቃ ትከፍተዋለች። ግማሹ አይገባትም። ፊቷ ላይ ግን ጭንቀት የሚባል አይታይም። ያልገባትን ታልፈዋለች፤ ነገ ያው ወሬ ዞሮ እንደሚመጣ ታውቃለች። በሦስተኛው ቀን ቃሉ የራሷ ይሆናል። መምህራን ይሄን ለማስተማር ስንት ሥልጠና ይወስዳሉ! ኽምጣና አፋቸውን የፈቱ ተማሪዎቼ ጉዞ ላይ የሚበረቱት በዚህ ይመስለኛል፤ ገበያ ውስጥ አማርኛው፣ ኽምጣናው፣ ትግርኛው ሲደባለቅ ያደገ ጆሮ ግማሽ መስማትን አይፈራም።

ከአያቴ የሰረቅኳት ዘዴ ይህች ናት። ዜናውን መጀመሪያ በአማርኛ ስሙት። ቢቢሲ አማርኛም ይሁን የጀርመን ድምፅ። ከዚያ ያንኑ ወሬ በእንግሊዝኛ። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ስለምታውቁ ጆሯችሁ ቃሉን ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለት እጅ ሙሉ የነበረው ቅጂ ሦስት ጣት ላይ ይወርዳል። ያንኑ ወሬ ሦስት ቀን ተከተሉት፤ «ሲዝፋየር» የምትለዋ ቃል በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችሁ ትሆናለች። ነርሷ በአራተኛው ሳምንት «ግሎባል ኒውስ»ን እንደገና የከፈተችው በዚህ በር ነው። ዜና ብቻውን ግን አይበቃም። ዜና አንባቢ አይንተባተብም፣ ሐሳቡን አይቀይርም፣ «ማክሰኞ፣ አይ ይቅርታ፣ ሐሙስ» አይልም። ፈተናው አንደኛ ክፍል ላይ ያንን ነው የሚወደው። ስለዚህ በሳምንት ሁለቱን ቀን ሰው ከሰው የሚያወራበትን ታስገባለህ።

ጉዞ የሚበላሸው እንዴት ነው? ጆሮ ላይ ማዳመጫ፣ ጣት ቴሌግራም ላይ። እሱ ጉዞ አይደለም። የምመረምርበት መንገድ ቀላል ነው፤ ሲጨርስ በአማርኛ ወይም በኽምጣና ሦስት ዓረፍተ ነገር ንገረኝ እለዋለሁ። ካልቻለ ምጣዱ ነው የሰማው።

ሌላው ብልሽት ማቆሚያው ነው። ያቺ ባለ ሁለት ሰረዝ ምልክት! ሰው ቃል ሲያመልጠው ጣቱ ሳያስበው ይሄዳል፣ 10 ሰከንድ ወደኋላ። ፈተና ውስጥ ያ ጣት የት ይሄዳል? ነርሷ ይሄ አመል ነበረባት። ስለዚህ ምን አደረግሁ? ጠዋት ከከተማ ወጣ ብለን ወደ ወቅር መስቀለ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ እንሄዳለን። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ፣ ስልኩ በእኔ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ። አንዴ ዞራ እጇን ዘረጋች። «ቲቸር፣ እባክሽ አንዴ ብቻ…» ቀድሜያት ተራመድኩ። ገመዷ አጭር ስለሆነች ተከተለችኝ። የሚያዩን እረኞች ምን እንዳሉ አልነግራችሁም።

መጀመሪያ 10 ደቂቃ ነበር የጀመርነው፤ ሳይቆም፣ ሳይመለስ። በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ጨመርን። እስከ ስንት? ብዙ ሰው 30 ላይ ያቆማል፤ ፈተናው 30 ነዋ። እኛ 45 ደረስን። ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አለ፤ ማዳመጡ ሲያልቅ ፈተናው አላለቀም። የአንድ ሰዓት ንባብና የአንድ ሰዓት ጽሕፈት ሳያሳርፍ ይከተላል። ከሰቆጣ የሚሄድ ሰው ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ከረጅም የአውቶቡስ መንገድ በኋላ ነው። ልኩን ብቻ የለመደ ጆሮ መንገዱ ላይ ያልቃል።

ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ ነገር ጨመርኩ። መቀመጥና ነጥብ ማድረግ። ጠረጴዛ ላይ ሆና ትሰማለች፤ የጠፋችበት ቦታ ሁሉ ወረቀቷ ላይ ነጥብ ታደርጋለች። ነጥቧን ስታደርግ ያመለጠውን ትተዋለች፤ ዓይኗ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሄዳል። ሰው አራተኛው ክፍል ላይ አምስት ጥያቄ በተከታታይ የሚያጣው አምስቱ ስለከበዱት አይደለም። አንዷ ከበደችውና እሷን ሲቀብር አራቱ አለፉ። በወረቀቷ ላይ ይታያል፤ መጀመሪያ ነጥቦቹ እንደ ጉንዳን ተያይዘው ነበር፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት በአንድ ላይ። በስምንተኛው ሳምንት ተበታተኑ። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። የነጥቦቹ ቁጥር ብዙም አልቀነሰም። የቀነሰው መያያዛቸው ነው። ጉልበት የምለው እሱን ነው።

ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ሙሉ ሙከራ አስቀመጥኳት፤ ማታ፣ ከሥራ ተመልሳ፣ እያዛጋች። ሆን ብዬ ነው። 9፣ 8፣ 7፣ 6። ደመርኩት። እንደገና ደመርኩት። ፊቴን ቆጣ አድርጌ ወረቀቱን አጠፍኩና «ደህና ነው» አልኳት። መምህር የምትሆኑ ካላችሁ፣ ይሄም አንዱ የጓዳ ሥራ ነው።

ፈተናውን ተፈትና እንደወጣች ደወለችልኝ። ከኋላዋ የታክሲ ረዳት ይጮሃል።

«ቲቸር፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ ጠፋሁ።»

ልቤ ወረደ። «እና?»

«ነጥብ አደረግሁና አለፍኩ።»

ውጤቷን? እሱን ራሷ ትንገራችሁ፤ ከተማችን ትንሽ ናት ብያችኋለሁ።